ለማታውቁት የጅማ ምሩቅ የሚላክ የመጀመሪያ መልእክት

ውጭ አገር ከገባሁ ወዲህ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ብዙ መልእክት ይደርሰኛል። ግማሹ አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «ሰላም»። ላኪው መልስ እየጠበቀ ነው። እኔ ደግሞ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሐሳብ «ብር ሊጠይቀኝ ነው» የሚል ነው።

ሌላው ግማሽ ተቃራኒው ነው። የጤናዬ ሰላምታ፣ የቤተሰቤ ሰላምታ፣ ከዚያ የሕይወት ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ «ሥራ ቢያስገቡኝ ውለታዎን አልረሳም»፤ ሲቪም ተያይዟል። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና የምመረምር ሰው ነኝ። ሰው መቅጠር አልችልም። የማልችለውን ስጠየቅ እያፈርኩ ዝም እላለሁ። ጠያቂው ግን የናቅኩት ይመስለዋል።

የምችለው ነገር ያለፍኩበትን መንገድ መንገር ነው። ስለዚህ ጠይቁኝ፣ ግን እሱን።

አንድ ልጅ ያደረገውን ላሳያችሁ። ከጅማ በሜዲካል ላብራቶሪ ተመርቆ ኤድመንተን ገባ። ሊንክድኢን ላይ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፍቶ Alumni የሚለውን ነካ። እዚያ ምሩቃኑን በሚኖሩበት አገር፣ በሚሠሩበት ቦታና በተማሩት ትምህርት ማጣራት ይቻላል። ካናዳንና የራሱን ትምህርት ሲመርጥ ጥቂት ሰው ቀረለት። አንዷ ኤድመንተን ውስጥ የምትሠራ ነበረች። እንዲህ ጻፈላት፦

«ሰላም። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሜዲካል ላብራቶሪ በ2024 ተመርቄ ኤድመንተን ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። እርስዎም ከዚያው ክፍል ወጥተው እዚህ ላብራቶሪ እንደሚሠሩ አየሁ። ሰነድ ማስገምገሙን እንዴት እንዳለፉት 15 ደቂቃ በስልክ ልጠይቅዎ? ካልተመቸዎ እረዳለሁ።»

ይኸው ነው። ከግንኙነት ግብዣ ጋር የሚላክ ማስታወሻ በነፃ አካውንት 200 ፊደል ብቻ ነው፣ በወርም ጥቂት ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። ይሄ መልእክት ከነክፍተቱ ከዚያ በታች ነው። አማርኛ እዚህ ጋ ይጠቅማል፤ አንዱ ፊደላችን እንግሊዝኛ በሁለት የሚጽፈውን ድምፅ ይይዛል።

«በ2024» ማለቱን ልብ በሉ። በእኛ 2016 ነው። «የ2016 ተመራቂ ነኝ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ውጭ የከረመ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ የስምንት ዓመት ልምድ ያለው ሰው ይመስለው ነበር። «እርስዎ» ማለቱም ልክ ነው። ፎቶዋ ላይ ወጣት ብትመስልም «አንቺ በለኝ» የማለቱ ፋንታ የእሷ ነው። ጅማ የተማረ ሁሉ አማርኛ ማንበብ ይቀናዋል ማለትም አይደለም። ሰውዬው በኦሮምኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ከሆነ በዚያው ጻፉለት።

ከሁሉ የሠራው ግን ጥያቄው ነው። በካናዳ የውጭ የላብራቶሪ ትምህርትን የሚገመግም አካል አለ፤ ከግምገማው በኋላ ፈተና አለ። ይሄ ድረ ገጹ ላይ ስላለ አልጠየቃትም። የጠየቃት ድረ ገጹ የማይነግረውን ነው። የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫ ከጅማ ማን ተከታትሎ አወጣላት? ግምገማውን ስትጠብቅ ምን ሠርታ ኖረች? የአሰንዳቦውን የቡድን የመስክ ሥልጠና፣ ቲቲፒን፣ እንደ ሥራ ልምድ ጻፈችው ወይስ እንደ ትምህርት? እዚህ ላይ ሳቀች አለኝ። ጅማ ጤና የተማረ ሰው ቲቲፒ ሲባል አይስቅም እንዴ?

ሰዓት ስትቀጥሩ ተጠንቀቁ። እኔ አንዱን «ነገ 3 ሰዓት ደውልልኝ» ብዬው ጠዋት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። እሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደወለ፤ በፈረንጅ 3 ማለት ነው። ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። 9:00 AM ብላችሁ ጻፉ፣ የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነም ጨምሩ።

ዝም ከተባላችሁ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ ተዉት። በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በአጎቱ ልጅ በኩል መከታተል ሰውን ያስፈራል።

ስልኩ ላይ 15 ደቂቃው ሲሞላ ራሳችሁ ተናገሩ። ልጁ «ሰዓቴ አልቋል» ሲላት «ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ብላ ሌላ ግማሽ ሰዓት አወራችው። የእሷ ግምገማ ከዓመታት በፊት ስለነበር የከፈለችውን ዋጋና የጠበቀችውን ጊዜ ከገምጋሚው አካል ድጋሚ እንዲያጣራ ነገረችው። ሲያጣራ እውነትም ተቀይሯል። መጨረሻ ላይ «ሌላ ማንን ባናግር ይሻላል?» ብሎ ጠየቃት፤ ሁለት ስም ሰጠችው።

ከወር በኋላ ሁለት መስመር ላከላት። «የኮርስ መግለጫው ዛሬ ከጅማ ተልኮልኛል፤ እንዳሉኝ ወንድሜ ሬጅስትራር ድረስ ሄዶ ነው ያስጨረሰው።»