«የቱ ጋ ነው የቆምከው?» የሚያስብል አፕዴት፦ ችግሩና መፍትሄው

4,200 የደንበኛ መዝገቦችን ወደ አዲስ ሲስተም የማስገባት ሥራ አለ እንበል። መዝገቦቹ 500፣ 500 እየሆኑ በ9 ፋይሎች ተከፋፍለዋል፤ የመጨረሻው ላይ 200 ብቻ ቀርቷል። የጀመረው ሰው ሰባተኛው ፋይል ላይ እያለ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረና ይህን ጽፎ ሄደ፦

> ኢምፖርቱ ወደ 75% አልቋል። ሰባተኛው ፋይል ትንሽ አስቸግሮኛል፣ እያየሁት ነው። የቀረው ነገ ያልቃል።

ውሸት የለበትም። ግን ተረካቢው በዚህ ብቻ ሥራውን መቀጠል አይችልም።

ምልክት፦ ተረካቢው «የቱ ጋ ነው የቆምከው?» ይላል፤ ሲብስ ደግሞ ሳይጠይቅ ይቀጥላል

ምክንያቱ ፐርሰንቱ ነው። 75% ምን ያህል እንደተሠራ እንጂ የት እንደተቆመ አይናገርም። ሰባተኛው ፋይል ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው፤ 212 መዝገቦች ገብተዋል፣ 213ኛውን ሲስተሙ አልቀበልም ብሎ መልሶታል። ይህን ያላወቀ ሰው ፋይሉን ከመጀመሪያው ሲያስገባ 212 ደንበኞች ሁለት ሁለት ጊዜ ይመዘገባሉ። እነሱን ለይቶ ማጥፋት ከኢምፖርቱ የበለጠ ጊዜ ይበላል።

መፍትሄው መጨረሻ የተሳካውን ነገር በስሙ መጥራትና ተረካቢው ራሱ አይቶ የሚያረጋግጥበትን ቁጥር መስጠት ነው። «ረድፍ 213» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ የዓምድ ስሞች ያሉበት የመጀመሪያው መስመር ሲቆጠር 213ኛው መዝገብ መስመር 214 ላይ ይውላል። የደንበኛው ኮድ ከተጻፈ ግን አያሳስትም።

ምልክት፦ ተረካቢው እርስዎ ሞክረው የተዉትን መንገድ እንደገና ይሞክራል

«አስቸግሮኛል» የሚለው ቃል የጸሐፊውን ስሜት ይነግራል፣ ብልሽቱን አይነግርም። የስህተት መልዕክቱን ሲስተሙ እንዳሳየው ቀድተው ይለጥፉ፤ በራስዎ ቃል ከተረጎሙት ተረካቢው ፈልጎ አያገኘውም። ቀጥሎ የሞከሩትን ከነውጤቱ ይጻፉ። በምሳሌያችን ፋይሉ በኤክሴል ተከፍቶ ሴቭ ስለተደረገ በዜሮ የሚጀምሩ ኮዶች ዜሯቸውን አጥተዋል፤ `048213` የነበረው `48213` ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ 212 ኮዶች በዜሮ ስለማይጀምሩ ያለ ችግር አልፈዋል። ማንም መጀመሪያ የሚሞክረው ዓምዱን ወደ ጽሑፍ መቀየር ነው፤ ነገር ግን አንዴ የጠፋ ዜሮ በዚህ አይመለስም። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጻፍ ተረካቢው ያንኑ ሙከራ አይደግምም።

ምልክት፦ ሥራው ሁለት ቀን ቆሟል፣ ሁለቱም ሌላኛው ይዞታል ብለው ያስባሉ

«እያየሁት ነው» ሥራውን በጸሐፊው እጅ ያስቀረዋል፤ «ነገ» ደግሞ በማግስቱ ለሚያነበው ሰው ሌላ ቀን ነው። ከእጅዎ የወጣውን «ከዚህ በኋላ የእገሌ ነው» ብለው ስም ይጥሩ፣ ቀኑንም በቁጥር ይጻፉ።

ምልክት፦ ሁሉም ተጽፏል፣ ግን ፋይሉ አይከፈትም

ፋይሉ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ወይም ተረካቢው ፈቃድ የለውም። ከመላክዎ በፊት ወደ ጋራ ፎልደር ይውሰዱትና የተረካቢው ስም ፈቃድ ካላቸው መካከል መኖሩን ይዩ።

ያው አፕዴት ታርሞ እንዲህ ይሆናል፦

> ከ`batch_01.csv` እስከ `batch_06.csv` ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። ከ`batch_07.csv` 212 መዝገቦች ገብተዋል፤ የመጨረሻው ኮድ `731904` ነው። ሲስተሙ አሁን 3,212 ደንበኞች ማሳየት አለበት። ካላሳየ ምንም ሳታስገባ ደውልልኝ።
>
> 213ኛው የተመለሰው በዚህ ነው፦ `customer_code: must be 6 digits`። ፋይሉ በኤክሴል ተከፍቶ ዜሮዎቹ ጠፍተዋል። ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሬ ሞከርኩ፣ አልመለሰም።
>
> ቀጣዩ ሥራ፦ ከዋናው `customers_full.csv` ከ3,213ኛው እስከ 3,500ኛው ያሉትን 288 መዝገቦች ከዓምድ ስሞቹ ጋር በአዲስ ፋይል አውጥተህ አስገባ። ኤክሴል አትጠቀም፣ በቴክስት ኤዲተር ክፈተው። `batch_07.csv`ን እንደገና እንዳታስገባ። `batch_08.csv` እና `batch_09.csv` በኤክሴል አልተነኩም፣ እንዳሉ ይገባሉ። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ 4,200 መሆን አለበት። ፋይሎቹ ሁሉ በጋራው ፎልደር `import` ውስጥ ናቸው። ከዚህ በኋላ ሥራው ያንተ ነው።

ረዝሟል፣ አዎ። ይህን ያህል የሚያስፈልገው ሥራ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ነው፤ ለዕለታዊ አፕዴት የመጀመሪያው አንቀጽ ይበቃል። ከላኩት በኋላ አንድ ነገር ከተለወጠ ግን የቀድሞውን አይደልዙ፤ ተረካቢው አንብቦት ሊሆን ስለሚችል ለውጡን ከነቀኑ ከላይ ይጨምሩ።