የሁለት ደቂቃ የሬዲዮ ዜና እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ የራስዎን ፍጥነት ይለኩ። አንድ ገጽ ጽሑፍ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብለው ያንብቡና ቃላቱን ይቁጠሩ። ለእኔ ሁለት ደቂቃ ማለት 210 ቃል ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ መሮጥ እጀምራለሁ።

አሁን ለልምምድ የፈጠርኩትን ዜና እንይ። መግለጫው እንዲህ ይላል፦

«በፒያሳና በአራት ኪሎ ከትላንት ሌሊት ጀምሮ የተቋረጠው የውሃ አገልግሎት በዋናው መስመር ላይ በደረሰ ስብራት ምክንያት መሆኑንና ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተጠግኖ 4,870 ደንበኞች አገልግሎት እንደሚያገኙ ኃላፊው ገለጹ።»

ጋዜጣ ላይ ያስኬዳል። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ ሰው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «ገለጹ» እስኪባል ድረስ ያ ሁሉ የማን ቃል እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ተናጋሪውን ወደ ፊት ያምጡት፣ አንዱን ሐሳብም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ፦

«ፒያሳና አራት ኪሎ ውሃ ተቋርጧል። የውሃ መስሪያ ቤቱ እንዳለው፣ የተቋረጠው ትላንት ሌሊት ነው። ያነጋገርናቸው የአራት ኪሎ ነዋሪዎች ግን ውሃ ካጣን ሦስት ቀናችን ነው ይላሉ። መስሪያ ቤቱ ለመቋረጡ ምክንያት ያደረገው የዋናውን መስመር መሰበር ነው። ኃላፊው ጥገናው ዛሬ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ያልቃል ብለዋል። እንደ እሳቸው አባባል፣ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች እየጠበቁ ነው።»

ባለቤት ያልሰጠሁት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነው። ቧንቧውን ራሳችን ከፍተን አይተናላ! መቼ እንደተቋረጠ ግን ሁለት ወገን ሁለት ነገር ስለሚል፣ ለየባለቤቱ መስጠት ግድ ነው። «እንደተገለጸው» የምትለዋን ቃል እርሷት። ማን እንደገለጸው አትናገርም። ቁጥሩንም አጠጋግቼዋለሁ፤ ሰባዋን ደንበኛ ጆሮ አይዝም።

ቀጥሎ ጽሑፉን ጮክ ብለው ያንብቡ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዓይን ያላየውን ምላስ ያገኘዋል። «በቦቴ ውሃ ይሰጣል» ብዬ ጽፌ፣ አንባቢው «ሰ»ን ያላላው ወይስ ያጥብቀው ብሎ ማይክ ላይ ሲደናገር ሰምቻለሁ። «ሰ» ከላላ ውሃውን የሚሰጥ አካል አለ ማለት ነው፤ ከጠበቀ ተሰጪው ውሃው ነው። «ውሃ በቦቴ ይታደላል» ቢባል ኖሮ ጣጣ የለውም። ቃሉን መቀየር ካልቻሉ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ያድርጉበት።

በመጨረሻ ሰዓት ይዘው ያንብቡት። ከ1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በላይ ከሄደ ይቁረጡ፤ አንባቢ ትንፋሽ መውሰጃ ይፈልጋል። እርስዎ ካልቆረጡ ስቱዲዮ ውስጥ ይቆረጣል፣ የሚቆረጠውም ከታች ነው። የነዋሪዎቹን ቃል ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።