የአሸዋ ወይም የእህል ክምር ስንት ሜትር ኪዩብ እንደሆነ እንዴት ይለካል?

መሬት ላይ የተከመረ አሸዋ ወይም እህል ስንት እንደሆነ ለማወቅ በባልዲ መስፈር አያስፈልግም። ክምሩ ክብና ሾጣጣ ከሆነ ሁለት ልኬት ይበቃል፤ የግርጌው ዙሪያና የአናቱ ቁመት። ትምህርት ቤት የተማርነው ቀመር ሬዲየስ ይጠይቃል፤ የክቡ መሃል ግን ክምሩ ሥር ስለተቀበረ ሜትር አይደርስበትም። ዙሪያውን ማንም ዞሮ ይለካዋል። ስለዚህ በዙሪያው እንሰራለን፦

```
V = C × C × h ÷ 37.7
```

C ዙሪያው ነው፣ h ቁመቱ፣ V ይዘቱ። 37.7 የመጣው 12 በፓይ ሲባዛ ነው። ሁሉንም በሜትር ለኩ፤ መልሱ በሜትር ኪዩብ ይወጣል።

ከዙሪያው እንጀምር። ሜትር ከማዞራችሁ በፊት ግርጌው ላይ የተበተነውን በአካፋ ወደ ክምሩ መልሱት። ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሜትሩ ዙሪያውን በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ከወጣ ዙሪያው በ63 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ዙሪያው ደግሞ በራሱ ስለሚባዛ 12 ሜትር ዙሪያ ባለው ክምር ላይ መልሱ በመቶ 11 ገደማ ያብጣል። ሜትራችሁ አጭር ከሆነ በሲባጎ ዙሩና ሲባጎውን ለኩት፤ የሚለጠጥ ገመድ ግን አይሁን።

አሁን ቁመቱ። እኔን ጉድ የሰራኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ለወለል ሙሌት አሸዋ አስመጥቼ ዙሪያውን ለካሁ፣ 12 ሜትር። ከዚያ የሜትሩን ጫፍ ግርጌው ላይ ረግጬ በክምሩ ጎን ላይ እስከ አናቱ ጎተትኩት። 2.28 ሜትር አለ። አባዛሁ፣ አካፈልኩ፣ 8.7 ሜትር ኪዩብ ወጣ። «ይተርፈናል» ብዬ ሁለተኛውን ጭነት አስቀረሁ። አሸዋው ሙሌቱ ሳይጠናቀቅ አለቀ። የለካሁት ቁመቱን ሳይሆን ተዳፋቱን ነበር። ትክክለኛው ቁመት 1.25 ሜትር ነው፤ ክምሩም የያዘው 4.8 ሜትር ኪዩብ ገደማ ብቻ።

ቁመት ማለት ከአናቱ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ያለው ርቀት ነው። እሱን ለማግኘት ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ፈልጉ። አንዱን ጫፍ አናቱ ላይ ሳትጫኑ አሳርፉት፣ ሌላው ጫፍ ከግርጌው አልፎ ይውጣ። ዘንጉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡና አግድም እስኪሆን አስተካክሉ። ከወጣው ጫፍ ቱንቢ ጣሉና ከዘንጉ ሥር እስከ መሬት ለኩ። መሬቱ ያዘነበለ ከሆነ በላይኛውም በታችኛውም በኩል፣ ከግርጌው እኩል ርቃችሁ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ሰው ዘንጉንም ሜትሩንም ይዞ ሲታገል ልኩ ይበላሻል።

ከአናቱ ፌሮ ሰክቶ መለካት የሚወዱ አሉ። ወለሉ ኮንክሪት ከሆነ ያስኬዳል። አፈር ላይ ግን ፌሮው መሬቱን አልፎ ይገባል፣ እናንተም የአፈሩን ጥልቀት ጨምራችሁ ትቆጥራላችሁ። እኔ አልወደውም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 12 በ12 ሲባዛ 144፣ በ1.25 ሲባዛ 180፣ ለ37.7 ሲካፈል 4.77 ሜትር ኪዩብ። ካልኩሌተር ከሌለ የዙሪያውን አንድ ስድስተኛ በራሱ አባዙትና በቁመቱ አባዙት፤ 2 በ2፣ በ1.25፣ 5 ይሆናል። ይሄ ፓይን 3 ብሎ የሚያሰላ የጥንት ዘዴ ነው፤ የህንዱ የሂሳብ ሊቅ ባስካራም በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእህል ክምርን በዚሁ ያሰላ ነበር። ትንሽ ስለሚያበዛ በመቶ 4.5 ያህል ቀንሱለት፣ እዚያው 4.77 ላይ ይመልሳችኋል።

ልካችሁን ለመፈተሽ ቁመቱን ለዙሪያው አካፍሉት። የደረቅ አሸዋ ክምር ቁመት የዙሪያው አንድ አስረኛ አካባቢ ነው። እርጥብ አሸዋ ከዚህ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስንዴ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይተኛል። የእኔ 2.28 የዙሪያው አንድ አምስተኛ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያኔ ይሄን ባውቅ ኖሮ ሜትሩን መልሼ እወስድ ነበር።

አናቱ የተደለደለ ወይም በአንድ በኩል የተዛቀ ክምር ሾጣጣ አይደለም፣ ቀመሩም አይሰራለትም። መጀመሪያ በአካፋ ቅርጹን መልሱለት። ቀጥ ካለ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ክምር ግን እንዳለ ይለካል፤ አናቱ ግድግዳው ላይ ከሆነ የግማሽ ክቡን ዙሪያ ለኩ፣ እጥፍ አድርጋችሁ ቀመሩ ውስጥ አስገቡ፣ የወጣውን ለሁለት አካፍሉ። ማዕዘን ውስጥ ከሆነ የሩብ ክቡን ዙሪያ በአራት አባዙ፣ መጨረሻ ላይም የወጣውን ለአራት አካፍሉ።