የኩፍኝ ክትባትን በተመለከተ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በክትባት ክፍል ስሠራ በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «መድኃኒቱ በልጄ ሰውነት ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚል ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ውስጥ አለ።

ክትባትን እንደ መድኃኒት ማየት

መድኃኒት ሥራውን ራሱ ይሠራል። ክትባት ግን በሽታን የሚገድል ምንም ነገር የለውም። የኩፍኝ ክትባት ውስጥ ያለው የኩፍኝ ቫይረስ ራሱ ነው፤ ልዩነቱ በጣም የተዳከመ መሆኑ ነው። ዛሬ ከሚሰጡት የኩፍኝ ክትባቶች አብዛኞቹ የሚመዘዙት እ.ኤ.አ. በ1954 ከአንድ የታመመ ልጅ ከተወሰደ ቫይረስ ነው። ያ ቫይረስ በዶሮ ፅንስ ሴሎች ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ እንዲራባ ሲደረግ ሰውን የማሳመም ኃይሉን አጣ። መልኩ ግን አልተቀየረም፤ የሚፈለገውም መልኩ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በደማችን ካሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ እያንዳንዳቸው የተለየ ቅርጽ ያለው መያዣ ይዘው የሚፈጠሩ አሉ። የአንዱ መያዣ ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር ይገጥማል፤ የሌላው ከመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ጋር። ኩፍኝን አይቶ በማያውቅ ልጅ ደም ውስጥም ለኩፍኝ የሚገጥሙ ሴሎች አሉ፤ ችግሩ እጅግ ጥቂት መሆናቸው ነው። እነርሱ ተራብተው ቁጥራቸው እስኪበዛ እውነተኛው ቫይረስ ቀድሟቸው ሰውነቱን ያዳርሳል።

ክትባቱ እነዚህን ጥቂት ሴሎች ፈልጎ የማግኘት ሥራ ነው። የተዳከመው ቫይረስ ሲገባ መያዣቸው የገጠመው ሴሎች ይነቃሉ፣ ይራባሉ፤ ከፊሎቹም ቫይረሱ ላይ እየተጣበቁ የሚያግዱትን ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታሉ። ሥራው ሲያበቃ አብዛኞቹ ይሞታሉ። የተወሰኑት ግን ገበሬ ከአዝመራው መርጦ በጎተራ እንደሚያስቀምጠው ዘር ለዓመታት ይኖራሉ። እውነተኛው ኩፍኝ ሲመጣ ሰውነት ከዜሮ አይጀምርም፤ ዘሩ አለ። ስለዚህ ለእናቶች የምመልሰው «መድኃኒቱ አይቆይም፤ የሚቆየው የልጅሽ የራሱ ሴል ነው» ብዬ ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። ኩፍኝ ሰፈር ከገባ በኋላ ጠዋት አስከትቦ ከሰዓት በኋላ ልጁን ከታመመ ልጅ ጋር ማጫወት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ልጁ ከታመመ ሰው ጋር ተገናኝቶ ከሆነም ከሦስት ቀን ሳያልፍ አምጡት። እውነተኛው ቫይረስ ሕመም እስኪያመጣ አሥር ቀን ያህል ስለሚወስድበት፣ ሴሎቹ ሙሉ ኃይላቸውን ገና ባያገኙም ክትባቱ ሊቀድመው ወይም ሕመሙን ሊያቀልለው ይችላል።

ትኩሳቱን በተሳሳተ ቀን መጠበቅ

የአምስቱ በሽታዎች ክትባት ከተሰጠ ትኩሳት የሚመጣው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ግን ቢመጣ ከሰባተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ የተዳከመው ቫይረስ መጀመሪያ ጥቂት መራባት ስላለበት። አንዳንድ ልጅ ላይ ቀላል ሽፍታም ይታያል። ብዙ ወላጅ ክትባቱን ረስቶት ሌላ በሽታ የገባ ይመስለዋል፤ ወይም «ክትባቱ ኩፍኝ አመጣበት» ይላል። ምንም ትኩሳት ያልታየበት ልጅ ደግሞ ክትባቱ አልሠራለትም ማለት አይደለም። ትኩሳቱ ከበረታ፣ ልጁ ካልጠባ ወይም ከተዝለፈለፈ ግን ምክንያቱን ሳትገምቱ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

«ቶሎ ቢሆን ይሻላል» ማለት

አንዲት እናት የአራት ወር ልጇን አቅፋ መጥታ «ጎረቤት ኩፍኝ ገብቷል፣ አሁኑኑ ይከተብልኝ» ብላ ለምናኛለች። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ እኔም እናት ነኝ። ግን ቀጠሮው ዘጠኝ ወር የሆነው በዘፈቀደ አይደለም።

እናት በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት የራሷን ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጅ በኩል ለልጇ ታስተላልፋለች። ሕፃኑን በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠብቀው ይህ ስጦታ ነው። ስጦታው ግን እውነተኛውን ቫይረስና ክትባቱን አይለይም፤ የተዳከመውንም ቫይረስ ሳይራባ ይይዘዋል። ያን ጊዜ የልጁ ሴሎች የሚያዩት ነገር አይኖርም፤ ስለዚህ አይማሩም። ስጦታው ከወር ወር እየሳሳ ይሄዳል። በዘጠኝ ወሩ ከብዙ ሕፃናት ደም ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ቅሪት ይኖራል።

አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጃቸውን ለኩፍኝ የሚያስከትቡት በ12 ወሩ ነው፤ «እኛ ጋ ለምን በዘጠኝ?» የሚሉኝ አሉ። በ12 ወር የሚከተብ ልጅ የመማር ዕድሉ የተሻለ መሆኑ እውነት ነው። ኩፍኝ በሚመላለስበት አገር ግን እነዚያን ሦስት ወራት ያለመከላከያ ማሳለፍ ሕፃኑን ለሞት ማጋለጥ ነው። ዘጠኝ ወር በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተመረጠ ቀን ነው።

የ15 ወሩን ክትባት «ተጨማሪ» ብሎ መተው

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። በዘጠኝ ወራቸው የተከተቡ መቶ ሕፃናትን እናስብ። ሰማንያ አምስት ያህሉ ኩፍኝን ማወቅ ይማራሉ። አሥራ አምስቱ አይማሩም፤ የእናታቸው ስጦታ ገና አላለቀም ነበር፣ ወይም የራሳቸው ሴሎች በቂ ምላሽ አልሰጡም። ማን የትኛው እንደሆነ በዐይን አይታወቅም፤ ካርዳቸው ላይ ሁሉም «ተከትቧል» ይላል።

አንድ የኩፍኝ ታማሚ በሽታውን ለማያውቁ ከ12 እስከ 18 ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል። በዚህ ፍጥነት ለሚዛመት በሽታ አሥራ አምስት ልጅ ብዙ ነው። አገራችን ሁለተኛውን ክትባት በ2011 ዓ.ም. የጀመረችው ለእነዚህ ልጆች ነው። ዋና ዓላማው የተማሩትን ማጠንከር አይደለም፤ ላልተማሩት ሁለተኛ ዕድል መስጠት ነው። ከአሥራ አምስቱ አብዛኞቹ በዚህኛው ይማራሉ።

ቀኑ ካለፈም አምጡት። የተሰጠው ክትባት ስለዘገየ አይሰረዝም፤ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይጀመርም።

«ታሞ ቢወጣለት ይሻላል» ብሎ ማመን

ይህ እምነት ግማሽ እውነት ስላለው ለመንቀል ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1846 የፋሮ ደሴቶች ከኩፍኝ ከራቁ 65 ዓመት ሆኗቸው ሳለ በሽታው ገባባቸውና ከ7,800 ገደማ ነዋሪ 6,000 ያህሉ ታመመ። ፓኑም የተባለው ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ1781 በልጅነታቸው ኩፍኝ የታመሙት አረጋውያን እንዳልተያዙ አስተዋለ። ዘሩ ከስድሳ ዓመት በላይ በጎተራ ቆይቷል ማለት ነው።

የዚህ ትምህርት ዋጋ ግን ከባድ ነው። የሳንባ ምች፣ ዕውርነትና ሞት ብቻ አይደለም። የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው እነዚያኑ ዘር ጠባቂ ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በኔዘርላንድስ ሳይከተቡ ኩፍኝ የያዛቸው ሕፃናት ደም ሲመረመር፣ ለሌሎች በሽታዎች ከነበራቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ተገኝቷል። ኩፍኝ የራሱን ዘር ሲያስቀምጥ የሌላውን ጎተራ ያቃጥላል። ልጁ ካገገመ በኋላ ተቅማጥና ሳል የሚደጋግመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተዳከመው የክትባቱ ቫይረስ ይህን ጥፋት አያደርስም።

ኩፍኝ ታሞ የዳነ ልጅም ክትባቱን አያቋርጥ። ሽፍታ የሚያመጡ በሽታዎች ብዙ ስለሆኑ «ኩፍኝ ነበር» ያልነው ሌላ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ኩፍኝ ከነበረም ክትባቱ አይጎዳውም፤ የእናት ስጦታ በሕፃኑ ላይ እንዳደረገው ሁሉ የራሱ ፀረ እንግዳ አካላት የተዳከመውን ቫይረስ ሳይራባ ይይዙታል።