አዝማቹ ከፍ እንዲል፦ አራት ኮርድ በቨርስና በአዝማች

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ጓደኛዬ በኪቦርድ የሠራውን ዘፈን በስልክ ላከልኝ። ዜማው ያምራል፤ ችግሩ አዝማቹ መግባቱ አይታወቅም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ እያለ ይዞራል።

ኮርዶቹ ደህና ናቸው፤ መቀየር ያለበት አሰላለፋቸው ነው። በሲ ሜጀር ሲሠራ የዘፈኑ ቤት ሲ ኮርድ ነው። ጆሮ እዚያ ሲደርስ ያርፋል። ስለዚህ ቨርሱ ላይ ቤቱን ደብቁት። ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ኤ ማይነር፣ ጂ ተጫወቱ፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ባር ያዙት። ስምንት ባር ሙሉ ሲ ኮርድ አይሰማም።

አዝማቹ ላይ የድሮውን ዙር መልሱት፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ። አሁን ግን አንዳንድ ባር ብቻ ይዛችሁ ሁለቴ ዙሩት። ይኸውም ስምንት ባር ነው። የተደበቀው ቤት በመጀመሪያው ምት ይገለጣል፤ ኮርዱም በእጥፍ ፍጥነት ይቀያየራል። ምቱ ችክችካ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዘፈኑ ለጎጃም ሰርግ ከታሰበ፣ በባሩ መሃል ኮርድ አትጨምሩ። ከበሮውና ጭብጨባው ይበቃሉ።

መሸጋገሪያው የቨርሱ መጨረሻ ጂ ነው። በውስጡ ቢ የምትባል ድምፅ አለች። ከሲ በግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ ስለምትል ወደ ላይ ትስባለች። እኔ የመጨረሻው ባር ላይ ከበሮውን አስወጣለሁ፤ አዝማቹ ሲጀምር ሁሉም አንድ ላይ ይገባል።

ዜማውም አብሮ መውጣት አለበት። በትዝታ ሜጀር ከሠራችሁ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። ቨርሱን በኢ፣ በጂና በኤ ዙሪያ ያዙት። አዝማቹን ከላይኛዋ ሲ ጀምሩ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸገራል። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ቢ የለችም። ጂ ኮርድ እየተመታ ድምፃዊው ሲን ረዘም አድርጎ ከያዘ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ጎርበጥ ይላል። አዝማቹ ላይ እንዲህ ከሆነ ቢን አውጥታችሁ ጂና ዲን ብቻ ተጫወቱ። ቨርሱ መጨረሻ ላይ ግን የምትስበው ቢ ስለሆነች እሷን ሳታወጡ ዜማውን ወደ ዲ ውሰዱት። ዜማው አምባሰል ከሆነ ደግሞ ይህን ዙር እርሱት። አምባሰል ኢ ስለሌለው ቤት የሚሆነው ሲ ሜጀር ራሱ ይጋጭበታል።

ሲያልቅ ድምፃዊውን አጥፍታችሁ ኮርዱን ብቻ ለሌላ ሰው አሰሙት። አዝማቹ የገባበትን ካልለየ መጀመሪያ ቨርሱን ፈትሹ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲ ኮርድ ሾልኮ ገብቶ ይሆናል።