ቤታችሁን ስትሸጡ ዋጋውን በብር ጻፉ፤ የመጨረሻውን ዋጋ ግን ለማንም አትንገሩ

አገር ቤት ያለ ቤቱን ከውጭ ሆኖ የሚሸጥ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። ማስታወቂያው ላይ ዋጋውን በዶላር ላድርገው ወይስ በብር? «በድርድር» ልበል ወይስ ቁርጥ ዋጋ ልጻፍ? መልሴ አጭር ነው። በብር ጻፉ። ድርድር ካለው ደግሞ ተደራዳሪው እናንተው ሁኑ። ማብራሪያው ነው ረዘም የሚለው።

ዶላሩን እናስቀድም። ገዢው ውጭ ስላለ በዶላር ቢጻፍለት ይቀለዋል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ግን ለንደን ያለው በፓውንድ ያስባል፣ ዱባይ ያለው በድርሃም። ሁሉም የአገር ቤት ንብረት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በብር ስንት ነው?» ብለው ነው። ከሰፈሩ ዋጋ ጋር የሚያስተያዩት በብር ነዋ። ሕጉም እንደዚያው ነው። አገር ውስጥ የሚደረግ ግብይት በብር ነው፤ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ መገበያየት ክልክል ነው። ውልና ማስረጃ ቀርቦ የሚፈረመውም የብር ውል ነው።

የዶላር ዋጋ ስትጽፉ ሌላም ነገር ይመጣል። «ዶላሩን እዚሁ ልስጥህ፣ አገር ቤት አነስ ባለ ብር እንፈራረም» የሚል ሰው ይደውላል። ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ብር ከገባ በኋላ ወደ ዶላር ቀይሮ ማውጣት ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሕገወጥነቱን እንኳ ብንተወው፣ ነገሩ የፈረሰ ቀን ፍርድ ቤት የሚያየው የተፈረመውን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ዶላር ለሁለታችሁም የለም ማለት ነው።

ከሁሉ የባሰው በሁለቱም መጻፍ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት የደረሰባትን ልንገራችሁ። ሰኔ 2016 ላይ ማስታወቂያው «8,550,000 ብር ወይም 150,000 ዶላር» ይል ነበር። ያኔ የባንክ ምንዛሪ 57 ብር ገደማ ስለነበር ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነበሩ። ውክልና ያለው ወንድሟ ከአንድ ገዢ 300,000 ብር ቀብድ ተቀበለ። ደረሰኙ ላይ የጻፈው የብሩን ዋጋ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ነሐሴ ላይ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ገዢው ብሩን ይዞ ከተፍ አለ። በ100 እንኳ ብታሰሉት 8,550,000 ብር ማለት 85,500 ዶላር ነው። እሷ «ዋጋዬ 150,000 ዶላር ነው» ትላለች፤ እሱ ደረሰኙን ያሳያል። ማስታወቂያ ብቻውን ማንንም አያስርም፤ ቀብድ ግን ያስራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ ሰው እጥፉን ይመልሳል። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በረደ፣ ቤቱም አልተሸጠም። ወንድሟን ግን እስካሁን አታናግረውም።

እና ምን ይጻፍ? ዋናው ዋጋ በብር። የውጭ ገዢን ለመርዳት ከፈለጋችሁ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «በዛሬው የባንክ መግዣ ዋጋ ወደ ይህን ያህል ዶላር ገደማ፤ የሚጸናው የብሩ ዋጋ ነው»። ቀኑን ጻፉ፣ የየትኛው ባንክ እንደሆነም ጻፉ፤ አሁን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ነው የሚያወጣው። መሸጫውን ሳይሆን መግዣውን የምትወስዱት ገዢው ዶላሩን ለባንክ ስለሚሸጥ ነው። ብሩ ይወርዳል ብላችሁ ከሰጋችሁ መፍትሔው ዶላር መጻፍ ሳይሆን «ዋጋው እስከዚህ ቀን ይጸናል» ማለት ነው። ቀኑ ሲያልፍ ትከልሱታላችሁ።

አሁን ወደ ድርድሩ። ዋጋ ሳይጽፉ «በድርድር» ብቻ ማለት ውጭ ያለውን ገዢ ያባርራል። የሰዓት ልዩነት አለ፣ ሥራ አለ፤ ዋጋ ለመጠየቅ ሌሊት ተነስቶ የሚደውል የለም። የሚደውለው ደላላ ነው። «ቁርጥ ዋጋ» ብትሉም ማንም አያምናችሁም፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ቁጥሩን ጽፋችሁ «መጠነኛ ድርድር አለው፣ ከባለቤቱ ጋር ብቻ» በሉ። የመጨረሻዋን ቃል እንዳትረሷት።

ለምን «ከባለቤቱ ጋር ብቻ»? ቤቱ የሚረክሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ደላላው ወንድማችሁ ጋ ሄዶ ዋጋ አይጠይቅም። «የተጣራ ስንት ብትይዙ ይበቃችኋል?» ነው የሚለው። ወንድማችሁ፣ ክፋት ሳይኖረው፣ በስልክ የነገራችሁትን ይነግረዋል። «12 ጠይቃለች፣ 11 ሚሊዮንም ቢመጣ ትሸጣለች» ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችሁ 11 ነው። ደላላው ላዩ ላይ የራሱን ጨምሮ 12 ተኩል ብሎ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። ሌላው ደላላ ከእሱ ሰምቶ 13 ይላል። እናንተ የምታገኙት ግን 11ዱን ነው። ወንድማችሁ ከልዩነቱ ድርሻ አግኝቶ ይሁን አይሁን መቼም አታውቁትም። የሚያቃቅረውም ይኼው ነው።

ይህ እየሆነ እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። የቤት መሸጫ ቻናሎችን ክፈቱና የራሳችሁን ፎቶ ፈልጉ። ያው ሰማያዊ በር፣ ያው ከጣሪያው ላይ ዘንበል ያለ የውሃ ታንከር፣ ሦስት ዓይነት ዋጋ። ውጭ ያለው ገዢም ይህንኑ ያያል። አንዱ ቤት በሦስት ዋጋ ሲወጣ ካርታው ላይ ችግር አለ ብሎ ይሸሻል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ራሱ ዋጋውን፣ ቀኑንና ስልካችሁን ጻፉበት። ቆርጠው ያወጡታል፣ ግን ያደክማቸዋል።

የመጨረሻውን ዋጋ እንግዲህ በሆዳችሁ ያዙ። እናታችሁም ብትጠይቃችሁ «የተጻፈው ነው» በሉ። እናት ስለማትታመን አይደለም፤ ሰፈር ውስጥ ደላላው ቡና የሚጠጣው እሷ ጋ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የውክልናው አሰጣጥ ነው። ብዙ ሰው ኤምባሲ ሄዶ ገና በመጀመሪያው ቀን «ይሽጥ ይለውጥ» የሚል ሙሉ ውክልና ይሰጣል። ሁለት ቦታ ክፈሉት። መጀመሪያ ቤቱን የማሳየት፣ ግብር የመክፈልና ሰነድ የማውጣት ውክልና ብቻ ስጡ፤ ቀብድ መቀበል እንደማይችል በግልጽ ይጻፍበት። የመሸጡን ውክልና የምትሰጡት ከገዢው ጋር ራሳችሁ ተነጋግራችሁ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው። በእሱ ላይ የገዢው ስም፣ ዋጋው በብር፣ ገንዘቡም የሚገባው በእናንተ ስም ባለ የባንክ ሂሳብ እንደሆነ ይስፈርበት። ኤምባሲ ሁለቴ መመላለስ ያሰለቻል። ወንድማችሁም «አታምኑኝም?» ብሎ ይቀየም ይሆናል። ሁሉም ውክልና እንደዚህ ነው የሚሰጠው በሉትና እለፉት።