ውዝፍ ኪራዬን ያቃለለልኝ ደብዳቤ

የሁለት ወር ኪራይ ተወዝፎብኝ ነበር። «እከፍላለሁ» ማለቴ አከራዬን አላሳመናቸውም፤ እውነታቸውን ነው፣ ቀን የለውማ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦

«ጋሼ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ 2017 ኪራይ፣ በድምሩ 16,000 ብር አለብኝ። ጥር 5፣ የካቲት 5፣ መጋቢት 5 እና ሚያዝያ 5 ቀን 4,000 ብር በባንክ አስገባለሁ። የወሩን 8,000 ብር በዚያው ቀን ለብቻው እልካለሁ።»

ዋናው ነገር ሁለቱን መለየቱ ነው። 12,000 ብር አንድ ላይ ከገባ የቱ ለውዝፉ፣ የቱ ለወሩ እንደሆነ ያጨቃጭቃል። ሳስገባም ምክንያቱ ላይ «ውዝፍ» ብዬ እጽፋለሁ። ደመወዜ በ30 ስለሚገባ፣ ቢዘገይ እንኳ ትንሽ ቀን ይኖረኛል።

ጋሼ አንድ ነገር አስጨመሩ፦ አንድ ክፍያ ከተዘለለ ቀሪው ባንዴ ይከፈል። ከበድ ይላል፣ ግን ተስማማሁ። በሁለት ቅጂ ፈርመን አንድ አንድ ያዝን።